አምስተኛው ዐረፍተ ነገር

የሰፈሩ ሰው ፋርማሲስቱን በስሙ አይጠራውም፤ «ይቅርታ» ነው የሚለው። ይህን ስም ያወጣችለት ታላቅ እህቱ ናት። በፋርማሲው በር አጠገብ በምትገኘው ጠባብ ሣጥን ውስጥ ተቀምጣ ሒሳብ የምትቀበለው እሷ ስትሆን፣ ወንድሟ ለማንም ሰው ንግግር ሲጀምር «ይቅርታ» ካላለ ሁለተኛው ቃል እንደማይወጣለት ከልጅነቱ ጀምራ ታውቃለች። የስድስት ዓመት ልጅ የሳል ሽሮፕ ልትወስድ ብትመጣ እንኳ «እርስዎ» ይላታል።

«ይኼ ሰው የእናቱን ማሕፀን እንኳ ይቅርታ ጠይቆ ነው የወጣው» ትላለች እህቱ፣ ሰው በሰማበት። እሱ ከመደርደሪያው ኋላ ሆኖ ይስቃል።

በሥራው ግን የሚያሳማው ነገር የለም። ማዘዣ ሲመጣለት ፊደሉን ብቻ አያነብም፤ የያዘው ሰው ማን እንደሆነ፣ ሌላ ምን እንደሚወስድ፣ ባለፈው ወር ምን ብሎ እንዳማረረ ያስታውሳል። ችግሩ ያለው ከዚያ በኋላ ነው። የታየውን ነገር ለሐኪም መንገር ሲኖርበት ላብ ላብ ይለዋል። «እሳቸው ተምረው ያዘዙትን እኔ ማን ነኝና» የሚል ሐሳብ ይመጣበታል። ስለዚህ ለሐኪም መልእክት ሲጽፍ ቃሉን በጥጥ እየጠቀለለ ነው። ጥጡ ይበዛና መርፌው አይታይም።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ልብስ ሰፊዋ ገባች። ከመንገዱ ማዶ ባለው ፎቅ ሥር የሙሽራ ልብስ የምትሰፋ፣ ሃምሳዎቹን ያጋመሰች፣ አንገቷ ላይ ሜትር የማይጠፋባት ሴት ናት። ሽንቷን ሲያቃጥላት ሰንብቶ ክሊኒክ ሄዳ ነበር፤ የመጣችው ማዘዣ ይዛ ነው።

«ወንድሜ፣ ቶሎ በልልኝ። ሙሽራዋ ልብሷን ልትለካ መጥታ ሱቄ በር ላይ ቆማለች» አለችው።

ማዘዣውን አየው። ኮትሪሞክሳዞል ይላል፤ ለሽንት መስመር ኢንፌክሽን የሚሰጥ የታወቀ እንክብል ነው። መጠኑ ግን ከተለመደው በግማሽ ያነሰ ነው። ይህ ትንሽ ገረመው። የባሰ ያሳሰበው ግን ሌላ ነው። ልብስ ሰፊዋ ልቧ ምቱን ስለሚስት፣ ደሟ ረግቶ ጉዳት እንዳያደርስባት በየቀኑ ዋርፋሪን ትወስዳለች። በየወሩ የምትገዛው ከዚሁ ከእሱ መደርደሪያ ነው። ሁለቱ አብረው ሲወሰዱ ኮትሪሞክሳዞል የዋርፋሪንን ጉልበት ያበዛዋል፤ ደም ከሚገባው በላይ ይቀጥንና ከአንጀትም ከአንጎልም ሊፈስ ይችላል።

«ይቅርታ ያድርጉልኝና» አለ፣ «ለሐኪሟ ስለ ዋርፋሪኑ ነግረዋቸዋል?»

«የልቤን ነው? እሱ ምኑ ይነገራል? የመጣሁት ለሽንት ነው።»

«ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ ብለው አልጠየቁዎትም?»

«ጠየቀችኝ። የለም አልኳት። ያ እኮ መድኃኒት አይደለም፣ ዓመት ሙሉ የምውጠው ነው!»

እህቱ ከሣጥኗ ውስጥ ሆና ዓይኗን ወደ ጣራው ሰቀለች።

እሱ ወንበር አቅርቦ ልብስ ሰፊዋን አስቀመጠ፤ ስልኩንም አወጣ። ከሐኪሟ ጋር የሚጻጻፉት በስልክ መልእክት ነው። አሰበ፣ ጻፈ፣ ደመሰሰ፣ እንደገና ጻፈ። በመጨረሻ የላከው ይህ ነው፦

«ክብርት ዶክተር፣ እንደምን ዋሉ። በሥራ ሰዓት ስላስቸገርኩዎ አስቀድሜ ይቅርታ እጠይቃለሁ። የካርድ ቁጥራቸውን ከዚህ በታች የጻፍኩልዎ ታካሚ ማዘዣ በደህና ደርሶናል። ያዘዙት መድኃኒት ለሕመሙ ተገቢ መሆኑን እረዳለሁ። ምናልባት ታካሚዋ ዋርፋሪን የሚወስዱ መሆናቸው ሳይነገርዎ ቀርቶ ከሆነ በማለት ለማሳወቅ ያህል ነው እንጂ ውሳኔዎን ለመንካት አይደለም። እንደሚመችዎ ቢያስቡበት ደስ ይለኛል። አክባሪዎ።»

መልሱ ወዲያው መጣ። ደስ ብሎት ከፈተው።

«ደርሶኛል። አመሰግናለሁ።»

አገላብጦ አየው። ሌላ ነገር የለውም።

«ምን አለች?» አለች እህቱ።

«አመሰግናለሁ አለች።»

«መድኃኒቱ ይሰጣት ነው ወይስ አይሰጣት?»

«እሱን አላለችም።»

«አንተስ ጠይቀሃት ነበር?»

እህቱ እጇን በሣጥኗ ቀዳዳ አውጥታ ስልኩን ነጠቀችው፤ አነበበችና መልሳ ሰጠችው።

«ይኼ መልእክት ነው የሠርግ ጥሪ? ስልኳ ላይ መጀመሪያ ቁም ነገር መስሎ የሚታያት ‹በደህና ደርሶናል› የሚለው ነው። እሷም ደርሶኛል አለች። ተደራረሳችሁ! አሁን ደውልላት።»

ደወለ። ያነሳችው የክሊኒኩ ተቀባይ ናት። ዶክተሯ ሕመምተኛ ይዛለች፣ ምን ልበልልዎት አለችው።

«ኧረ ግድ የለም፣ ሥራ ላይ ከሆኑማ አላስቸግርም። ይቅርታ» አለና ዘጋው።

እህቱ በሁለት እጇ ፊቷን ሸፈነች። «አንጀቴን አሳረርከው! ስልክ ደውሎ ይቅርታ ብሎ የሚዘጋ ሰው አይቼ አላውቅም። በስህተት የደወለ እንኳ እንዲህ አይቸኩልም!»

ልብስ ሰፊዋም ትዕግሥቷ አልቆ ተነሣች። «በሉ እናንተ ተጨቃጨቁ። ማዘዣዬን ስጠኝ። ማዶ ያለው ፋርማሲ ሳይጨቃጨቅ ይሰጠኛል፤ ሙሽራዬ ሄደች ማለት ነው እኮ!»

እውነቷን ነው። ማዶ ያለው ፋርማሲ አያውቃትም። ዋርፋሪን እንደምትወስድ የሚያውቅበት መንገድ የለውም፣ ቢጠይቃትም እንደ ሐኪሟ «የለም» ብላ ነው የምትመልስለት። እንክብሉን ይዛ ትገባለች፣ ማታ ከዋርፋሪኗ ጋር ትውጠዋለች። ከዚያ በኋላ ስለ እሷ የሚሰማው ነገር ምን ሊሆን እንደሚችል ያውቃል። ማዘዣው በእጁ ነው።

«አልሰጥዎትም» አለ።

ሴቶቹ ሁለቱም ዞረው አዩት።

«ምን አልክ?»

«አልሰጥም አልኩ። ከፈለጉ ይስደቡኝ። ይህን ከዋርፋሪኑ ጋር ከወሰዱት ሊደሙ ይችላሉ። ከድድ አይደለም የምለው፣ ከጭንቅላት። ይቀመጡ።»

ልብስ ሰፊዋ አፏ ተከፍቶ ቀረ፤ ተቀመጠች። እህቱ ግን ጊዜ አላባከነችም። «ነገር ከሥሩ ውሃ ከጥሩ! አሁን ለእሷ ያልከውን ለዶክተሯ ጻፍ። እንደምን ዋሉ የምትል ቃል ካየሁ ስልኩን መጸዳጃ ውስጥ ነው የምጥለው።»

እሱም ቆሞ ጻፈ፦

«ዶክተር፣ አስቸኳይ ጥያቄ ነው። መድኃኒቱን አልሰጠሁም፤ ታካሚዋ እዚህ ተቀምጣለች። በየቀኑ ዋርፋሪን አምስት ሚሊግራም ትወስዳለች። ኮትሪሞክሳዞል የዋርፋሪንን ኃይል ስለሚጨምር መድማት ያሰጋታል። ባለፈው ሳምንት የደም አረጋግ ምርመራዋ ሁለት ነጥብ ስድስት ነበር፤ ደህና ነው። አማራጭ የምለው፦ ኩላሊቷ ደህና ከሆነ ናይትሮፉራንቶይን ለአምስት ቀን፤ ካልሆነ ፎስፎማይሲን አንድ ጊዜ ብቻ የሚጠጣ። ኮትሪሞክሳዞል የግድ ነው ካሉ የዋርፋሪኑን መጠን ይቀንሱልኝ፣ ደሟም ከሦስት እስከ አምስት ቀን ውስጥ ይመርመር። የቱን ልስጥ?»

«የቱን ልስጥ» ብሎ ሐኪም ጠይቆ አያውቅም። ላከው።

ስልኩ ጠረጴዛው ላይ ገና ሳይቀመጥ ጮኸ። ዶክተሯ ራሷ ናት።

«ጋሼ! ይኼን ቅድም ለምን አልነገሩኝም?»

«ነግሬዎት ነበር።»

«የት?»

«አምስተኛው ዐረፍተ ነገር ላይ።»

ከስልኩ ወዲያ ረጅም ትንፋሽ ተሰማ። «ጋሼ፣ እኔ በሁለት ሕመምተኛ መካከል ነው የማነበው። አምስተኛው ጋ የሚደርስ ማን አለ? ማዘዣው ደርሷል የሚለውን አየሁና አለፍኩ። ደግሞ ሌላ መድኃኒት የለኝም ብላኛለች እኮ!»

«እሱን እዚህም ብላናለች። የልቡን እንደ መድኃኒት አትቆጥረውም።»

«ስሚ እንግዲህ!» አለች እህቱ ወደ ልብስ ሰፊዋ፣ በሹክሹክታ ግን ሁሉም በሚሰማው።

«አንድ ነገር ግን እርስዎም አላዩም» አለች ዶክተሯ፣ ድምጿ ረገብ ብሎ። «ኩላሊቷ ደክሟል። ዛሬ ያሠራሁት የማጣራት አቅም ምርመራ ሃያ ስምንት ብቻ ነው የሚለው። መጠኑን በግማሽ የቀነስኩት ለዚያ ነው። ስለዚህ ናይትሮፉራንቶይኑ አይሆንም፤ በዚህ ኩላሊት ሽንቷ ውስጥ በቂ አይደርስም፣ ጉዳቱም ይበዛል።»

«ግማሽ መሆኑ ገርሞኝ ነበር።»

«ገርሞዎት ከነበረ መጠየቅ ነበራ!» ደግሞ ተነፈሰች። «እሺ። ፎስፎማይሲን አለዎት?»

«አለ።»

«እሱን ይስጧት። የተለወጠውን ማዘዣ አሁን ጽፌ እልካለሁ፤ የመጀመሪያውን ይሰርዙት። ዋርፋሪኗ እንዳለ ይቀጥል። ኢንፌክሽኑ ራሱ ሊያዛባው ስለሚችል ደሟን በአራተኛው ቀን ላየው እፈልጋለሁ። ትኩሳት ወይም የጎን ሕመም ከመጣባት ግን ያን ቀን አትጠብቅ።»

አዲሱ ማዘዣ መጣ። አንድ ጊዜ አነበበው፣ ከካርድ ቁጥሯ ጋር አስተያየው፤ አሮጌው ላይ መስመር አሰመረበት። ከዚያ አንዲት ትንሽ ከረጢት የፎስፎማይሲን ዱቄት አምጥቶ ልብስ ሰፊዋ ፊት አስቀመጠ።

«ይኼ ብቻ?» አለች። «ለዚህች ነው ይኼን ሁሉ ያስቀመጣችሁኝ?»

«ለዚህች ነው። ማታ ከመተኛትዎ በፊት፣ ከእራት በኋላ ሁለት ሰዓት ቆይተው፣ ሽንትዎን ሸንተው፣ በግማሽ ብርጭቆ ውሃ በጥብጠው ወዲያው ይጠጡት። አሁን ይድገሙልኝ።»

«ምኑን?»

«ያልኩዎትን።»

ተናደደች፤ እየተናደደች ግን አንድም ሳትስት ደገመችው። ሰገራዎ ከጠቆረ፣ አፍንጫዎ ደምቶ እምቢ ካለ፣ ከባድ ራስ ምታት ከያዘዎት ይምጡ አላት፤ ያንንም አስደገማት። የደም ምርመራውን ቀን አስደገማት። በመጨረሻ «ሌላ መድኃኒት ይወስዳሉ ወይ?» ብሎ ጠየቃት።

«የለም... አለ! አለ! ዋርፋሪን። ምን ዓይነት ሰው ነህ አንተ? እስከ ዛሬ የማውቅህ ዝምተኛ ነበርክ እኮ።»

ሜትሯን አንገቷ ላይ አስተካክላ፣ ከረጢቷን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ እያጉረመረመች ወጣች። ሙሽራዋ እስካሁን በሱቋ በር ላይ ቆማ እየጠበቀቻት ነበርና ከመንገዱ ማዶ እየተጯጯሁ ተያይዘው ገቡ።

በአራተኛው ቀን ልብስ ሰፊዋ ወደ ክሊኒኩ አልሄደችም። ሥራ በዝቶባት ይሁን ረስታው አይታወቅም። ፋርማሲስቱ እስከ ምሳ ሰዓት ጠብቆ ነጭ ጋዋኑን እንደለበሰ መንገዱን ተሻገረ፤ ገበያተኛ ባለበት፣ ስፌት ማሽኗ አጠገብ ቆመ።

«ደምዎን ሳይሰጡ ቀሩ» አላት።

«ነገ እሄዳለሁ።»

«ዛሬ ነው። እጠብቅዎታለሁ።»

የሙሽራ ልብስ የሚለኩት ሴቶች መሳቅ ጀመሩ። ልብስ ሰፊዋ መቀሷን ወርውራ ተነሣች፤ እስከ ክሊኒኩ በር ድረስም ስትሰድበው ሄደች። እሱ አንድ እርምጃ ከኋላዋ ነበር። ውጤቱ ሲወጣ ሁለት ነጥብ ሰባት ይላል፤ ደህና ነው። ዶክተሯ ወረቀቱን ከልብስ ሰፊዋ ራስ በላይ አሻግራ ለእሱ አሳየችው፤ እሱም አንገቱን ነቅንቆ ወደ ሥራው ተመለሰ።