የረቡዕ ቅቤና አርባው ስግደት

እትዬ፣ ደብተርሽ ደረሰ። ምነው ዘገየ ብለሽ እንዳትቆጪ፤ በመርከብ ነው የመጣው፣ ከነሻንጣሽ። እማዬ ነጠላሽን አሽትታ «የሰው አገር ሳሙና» አለችና አጥፋ አስቀመጠችው። ደብተሩን ግን ለኔ ሰጠችኝ... ማንበብ የኔ ሥራ ነውና።

ለማታውቋት ላስረዳ። እኅቴ ነርስነት ልትማር ከጎንደር እንግሊዝ አገር ሄዳ ነበር። ዓመት ሳይሞላት በሳንባ ሕመም ሞተች፤ እዚያው ተቀበረች። ደብዳቤዎቿን ለእማዬ የማነብላት እኔ ነበርኩ። ሁሉም አንድ ነበሩ፦ «እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና ደኅና ነኝ። አገሩ ሸጋ ነው።» መጨረሻ ላይ ወረቀቱን ሳላይ እወጣው ነበር።

የዕለት ማስታወሻዋን ግን ሌላ ሰው የጻፈው ይመስላል።

ባለፈው እሑድ እማዬ የንስሐ አባታችንን መምሬ ታረቀኝን ጠራቻቸው። ጭንቋ አንድ ነው፤ ልጇ ቄስ ሳያያት፣ ኃጢአቷን ሳትናገር መሄዷ። ከደብተሩ ውስጥ አንድ የንስሐ ቃል ይገኝ እንደሆነ ብላ ነው። እኔ ደግሞ ቀድሜ አንብቤው ነበር። የተገኘው ቅቤ ነው... በረቡዕ ቀን የተበላ።

ስለዚህ ዋሸሁ። ደብተሩን ገልጬ በዜማ ጀመርኩ፤ «እንደምን ሰንብታችኋል? እኔ ለእግዚአብሔር ምስጋና ይግባውና...» ጾም ጨመርኩላት። ጸሎት ጨመርኩላት። ልቤ ሞቀና በየሰንበቱ ቤተ ክርስቲያን አሳደርኳት።

እማዬ እስክጨርስ ሰማችኝ። ከዚያ፣

«አንተ ደሳለኝ።»

«አቤት እማዬ።»

«ይህን ሁሉ ስታነብ ምነው አንድ ገጽ አልገለጥክ?»

ፊደል የማትቆጥር ሴት!

«ደኅና ነኝ የምትለኝ ስታባብለኝ ነው» አለች። «ይኼን ደብዳቤው ላይ ጠገብኩት። አሁን ልጄን አንብብልኝ።»

መምሬ መቋሚያቸውን ጉልበታቸው ላይ አጋደሙ። ማምለጫ አጣሁና አነበብኩ።

«ረቡዕ። ዛሬ አልጋ ማንጠፍ ተማርን። አንሶላውን በግርጌ በኩል ፍራሹ ሥር መሸጎጥ። ከጥጉ አንድ ክንድ ያህል ርቆ የተንጠለጠለውን ጠርዝ አንሥቶ ፍራሹ ላይ ማስተኛት፤ ሦስት ማዕዘን ይሆናል። ከታች የቀረውን መሸጎጥ፣ ከዚያ ሦስት ማዕዘኑን አውርዶ እሱንም መሸጎጥ። የትራሱ አፍ በሩን አያይም። የአልጋው ጎማዎች ሁሉ ወደ ውስጥ ይዞራሉ። አለቃችን ሦስት ጊዜ አፈረሰችብኝ። በአራተኛው ዝም ብላ አለፈች። እዚህ አገር ዝምታ ምርቃት ነው።»

እማዬ ሳቀች። ከመርዶው ወዲህ የመጀመሪያዋ ነው። «እቤቴ አንድ ቀን አልጋዋን አንጥፋ የማታውቅ!»

ጉሮሮዬን ጠራርጌ ቀጠልኩ።

«በዚያ ደስታ ገበታ ላይ የቀረበልኝን በላሁ። ቅቤ የተቀባ ዳቦ ነው። ሁለተኛውን ቁራሽ ስጀምር ቀኑ ረቡዕ መሆኑ ትዝ አለኝ። ሁለተኛውንም ጨረስኩት። ስመለስ ለመምሬ እነግራለሁ።

ዓርብ። ሥጋ፣ ወተት፣ እንቁላል፣ ቅቤ አልበላም ብዬ በቋንቋቸው ተናገርኩ። ታመመች ብለው ሙቀቴን ለኩኝ።

ዓርብ፣ ከሁለት ሳምንት በኋላ። ወጥ ቤቷ ሳልጠይቃት ቅቤ ያልነካው ድንች ለብቻው አስቀመጠችልኝ። አሸነፍኩ። ደግሞም በአንዱ ቧንቧ ፍል፣ በሌላው በረዶ ሆኖ የሚወርደውን ውኃ ገንዳው ውስጥ አቀላቅዬ ሳልቃጠል ታጠብኩ።

ስተኛ በሐሳቤ ወደ ቤት እሄዳለሁ። ከድሮው ትምህርት ቤቴ ተነሥቼ፣ በቅዳሜ ገበያ ወርጄ፣ ቀሐ ወንዝን ስሻገር እንቅልፍ ይወስደኛል። እስካሁን ደጃችን አልደረስኩም።»

ደብተሩን ዘጋሁ። እማዬ መምሬን ታያለች። እኔ ወለሉን አያለሁ። መምሬ ግን ጢማቸውን ይዘው፣

«ሁለተኛውንም ጨረስኩት አለች?»

«አዎ፣ መምሬ።»

«ጣፍጧት ነዋ!» አሉ። «እኔ ዘንድ የሚመጣው ሁሉ አንዱን ቁራሽ ነው የሚነግረኝ። ሁለተኛውን የነገረኝ ሰው አላውቅም።» ወደ እማዬ ዞሩ። «እመት፣ ልጅሽ ተናዝዛለች። እኔም ሰምቻለሁ። በተዝካሯ በክርስትና ስሟ ወለተ ሥላሴ ብዬ ስጠራት ይኼን ይዤ ነው የምጸልየው።»

እማዬ ነጠላዋን ፊቷ ላይ ጣል አደረገች። እኔም ተንፈስ አልኩ።

ቸኩዬ ኖሯል።

«አንተ ተማሪ» አሉኝ መምሬ። «ቅድም ያነበብከው ከየትኛው ገጽ ነው?»

ደብተሩን ወደ ጀርባዬ አዞርኩ።

«አርባ ስግደት። እንደ እኅትህ ሁለተኛዋን ቁራሽ ሳትደብቅ፤ አንዲት ሳትጎድል።»

እሷ ቅቤ በላች፤ እኔ ሰገድኩ። እንዲህ ያለ ፍርድ ያለው የኛ ቤት ብቻ ነው።

እማዬ ትናንት ለተዝካሩ እህል ልታመጣ በመኪና ወደ ገጠር፣ ወደ ድብ ባሕር ወጣች። ዛሬ ጠዋት ስነሣ ቤቱ ባዶ ነው። በሕይወቴ ብቻዬን ያደርኩበት የመጀመሪያ ሌሊት ነበር። ሰገድኩ። ሃያ ሦስት ላይ ቁጥሩ ጠፋኝና፣ ማንም ባያየኝም፣ ከአንድ ጀመርኩ።

ከዚያ ያንቺን አልጋ ገለጥኩ፣ እትዬ። የጠፍር አልጋ ነው፣ ጎማ የለውም። አንሶላውን በግርጌ ሸጎጥኩ፣ አንድ ክንድ ለካሁ፣ ጠርዙን አነሣሁ፣ ሦስት ማዕዘኑን አስተኛሁ፣ አወረድኩ። የትራሱን አፍ ከበሩ አዞርኩ። ተበላሸ። አፈረስኩት። ደግሞ ተበላሸ። ደግሞ አፈረስኩት። በአራተኛው ቆሜ አየሁት።

ዝም አልሽኝ።