ግልባጭ ለማዘጋጃ ቤት

አድማሴ ካሳ በመካነ ሰላም ማዘጋጃ ቤት መዝገብ ቤት አሥራ አንድ ዓመት ሠርቷል። በእጁ ያለፈ ወረቀት ጠፍቶ አያውቅም። የመጣ ደብዳቤ በገቢ መዝገቡ ላይ ቁጥርና ቀን ይሰጠዋል፤ ከዚያ ፋይሉ ውስጥ ይገባል። ለእናቱ ሲጽፍ እንኳ «ጉዳዩ» ብሎ ይጀምራል እያሉ የቢሮ ሰዎች ይቀልዱበት ነበር።

በ1967 ዓ.ም. ሰኔ ላይ ከቢሮው ጀርባ ርካሽ ክፍል አገኘ። እስከዚያ የሚኖረው በወይዘሮ ብርሀንነሽ ግቢ፣ በኋለኛው ቤት ነበር። በኅዳር 65 ሲገባ የሁለት ወር ኪራይ፣ ሃያ ብር፣ በመያዣ ሰጥቷል። ደረሰኝ አልተቀበለም። ከዚያ ድርቁ መጣ። ሴትዮዋ በሬዎቿን ሸጠች፤ ባሏን አራጌን ቀበረች። ያ ሃያ ብር ከዚያ ሁሉ ተርፏል ብሎ አላመነም።

ስለዚህ ሰኔ 15 ቀን በካርቦን ወረቀት ጻፈ። «የግል ንብረትዎ የሆነውንና በወር አሥር ብር የተከራየሁትን ቤት ከአንድ ወር በኋላ ስለምለቅ፣ ቁልፉን በማስረክብበት ዕለት በመያዣ የሰጠሁዎት ሃያ ብር እንዲመለስልኝ እጠይቃለሁ።» ከግርጌው፣ እጁ እንደለመደው፣ «ግልባጭ፦ ለመካነ ሰላም ማዘጋጃ ቤት» አለበት። ቢክዱኝ ማስረጃ ይሆነኛል ብሎ ነው። ግልባጩን ራሱ ተቀብሎ ቁጥር 214 ሰጠው።

ዋናውን ልጅዋ አበቡ አነበበችላት። ብርሀንነሽ ሳቀች።

«ያንተ በር ከኔ በር አሥር እርምጃ አይሞላም። አፍህን ምን ነካው?»

«ሥርዓቱ ነው፣ እትዬ።»

«አብሽር፣ እንግዲህ ሥርዓት ከሆነ» አለችና ለመቀበሏ አውራ ጣቷን አሳረፈች።

ሐምሌ 15 ቁልፉን አስረከበ። እሷም ቤቱን ዞራ አየችና የመቀነቷን ጫፍ ፈታች። ሁለት የአሥር ብር ኖቶች ነበሩ። አንደኛው ጥጉ የተቀደደ ነው፤ ሲሰጣትም እንዲያው ነበር።

«በክፉው ዓመት እንኳ አልነካሁትም» አለች። «አራጌ ሲሞት ለመገነዣው ከሰው ተበደርኩ። ይኸ ያንተ ነዋ።»

አድማሴ ብሩን ኪሱ ከተተ። ቢሮ ሲመለስ፣ ገንዘቡ መመለሱን የሚገልጽ ወረቀት ከፋይሉ ጋር ማያያዝ እንዳለበት አሰበ። የጠየቀው ግን አልነበረም፤ ተወው።

በአራተኛው ቀን ራዲዮው ተናገረ። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ቤት። ትርፍ ቤት የመንግሥት ነው።

በጥቅምት ቀበሌው ቤት መመዝገብ ጀመረ። ደብቆ የተገኘ ይታሰራል ተባለ፤ ሁለት ነጋዴዎችም ታሰሩ። ብርሀንነሽ የኋለኛው ቤት የልጇ መሆኑን፣ አራጌ በሠርጓ ቀን እንደሰጣት፣ ቃሏን ሰጠች። አበቡም ሁለት ልጆቿን ይዛ ገብታበታለች። ጎረቤት ሁሉ «አዎ፣ የአበቡ ነው» አለ።

አድማሴ ይህን የሰማ ዕለት፣ በጠራራ ፀሐይ፣ በአሥራ አንድ ዓመት ውስጥ ያላደረገውን አደረገ። ግልባጩን ከፋይሉ ነቅሎ ኮቱ ውስጥ ከተተ። የገቢ መዝገቡን ገልጦ ቁጥር 214ን አየ። ቀለም ነው፤ አይነቀልም። ፋይሉን ነው እንጂ መዝገቡን ማን ያያል ብሎ ራሱን አጽናና።

ማክሰኞ ቀበሌው ጽሕፈት ቤት ጠሩት። የቀበሌው ሊቀመንበር ምናለ ከማዘጋጃ ቤት ከመልቀቁ በፊት ሁለት ዓመት መዝገብ ቤት አብሮት ሠርቷል። በር ላይ ጠመንጃ የያዙ ሁለት ሰዎች ቆመዋል። ብርሀንነሽ አግዳሚ ወንበር ላይ ተቀምጣለች። የገቢ መዝገቡ ጠረጴዛው ላይ ተዘርግቷል።

«ጋሼ አድማሴ፣ አንድ ነገር አስተምረውኛል» አለ ምናለ። «ወረቀት ሲፈለግ ከፋይል ሳይሆን ከገቢ መዝገብ ይጀመራል ብለው።» ጣቱ ወረደ፤ ቆመ። «ሁለት መቶ አሥራ አራት። ከእርስዎ፣ ቤት ስለመልቀቅ። ፋይሉ ውስጥ የለም። መቼም ከእርስዎ እጅ ወረቀት አይጠፋም።»

«ምናልባት...»

«ምናልባት የሚባል ፋይል አለን?»

በሩ ላይ ያሉት ሳቁ። አንዱ ጠመንጃውን ከትከሻው አወረደ። አድማሴ ለእሷ ሲል ዝም ማለት ይችል ነበር። ጠመንጃውን አየ። እጁ ኮቱ ውስጥ ገባ።

ምናለ ጮክ ብሎ አነበበው። «የግል ንብረትዎ የሆነውን» የሚለው ላይ ሲደርስ ደገመው።

«እማማ፣ ቤቱ የልጄ ነው ብለው አልነበር?»

ምናለ አንድ ነገር ጻፈ፤ በር ላይ ካሉት አንዱ ወደ አበቡ ቤት ቁልፍ ሊያመጣ ሄደ። ሌላው ብርሀንነሽን «ይነሱ» አላት።

ተነሣች። ነጠላዋን አስተካክላ አድማሴ ፊት ስትደርስ ቆመች።

«ሃያውን ብር መመለሴን የሚል ወረቀትስ?» አለችው። «እሱ ግልባጭ የለውም?»