አንድ ነገር፣ ሦስት ደብዳቤ

የምሥራቹ ይቅደም፤ የምክትል ዳይሬክተሩ ወንበር ባለቤት አግኝቷል። የአውቶቡስ ድርጅቱ ግቢ ከጠዋት ጀምሮ በእንኳን ደስ አለህ ደምቋል። የተሾመው የጥገና ክፍሉ ኃላፊ ነው። የስምሪት ክፍሏ ኃላፊ፣ ሰው ሁሉ «ብዕሬ» የሚላት፣ ከሌሎቹ ጋር አጨበጨበች፤ ከሁሉም ቀድማ ግን ወደ ቢሮዋ ተመለሰች።

ነገሩ የጀመረው ባለፈው ሳምንት ነው። አራት አውቶቡሶች የፍሬን ምርመራ ሳያልፉ መስመር ላይ ሲሠሩ አየች። ያን ዕለት ሦስት ደብዳቤ ጻፈች።

ወደ ላይ፣ ለዳይሬክተሩ፤ «አራቱ አውቶቡሶች ለሁለት ቀን ከመስመር እንዲወጡ ፈቃድዎን በትሕትና እጠይቃለሁ። ምክንያቱ ከዚህ በታች ተገልጿል።» ሥራ የሚበዛበት ሰው መጀመሪያ የሚፈለግበትን ይወቅ፤ ጥፋተኛ ፍለጋው ይቆየው ብላ።

ወደ ታች፣ ለቁልፍ ክፍሉ ልጆች፤ «ጥፋቱ የእናንተ አይደለም። ከዛሬ ጀምሮ ምርመራው ላልተፈረመለት መኪና ቁልፍ አትስጡ። የሚጮህባችሁ ካለ ወደ እኔ ላኩት።»

ወደ ጎን፣ ለጥገናው ኃላፊ ደግሞ እንደ ወንድም፤ «አንተ ሰውዬ፣ ቶሎ መርምርልኝ እንጂ። አለቃችን እንደሆነ አውቶቡስን የሚያቆመው ፍሬን ሳይሆን ግድግዳ ነው ብሎ የሚያምን ሰው ነው።»

አሥራ ሁለት ዓመት አብረው ሠርተዋል፤ ከዚህ የባሰም ተጻጽፈው ስቀዋል። እሱ ግን ያቺን ወረቀት «ለመረጃ ያህል» ብሎ ከራሱ ደብዳቤ ጋር አያይዞ ወደ ላይ አወጣት።

ዳይሬክተሩ አስጠርተው አስነበቧት። በጓደኛ ጆሮ የሚያስቅ ነገር በአለቃ ጠረጴዛ ላይ ስድብ ሆኖ ተገኘ።

«አውቶቡስ በግድግዳ የማቆመው እኔ ነኝ?» አሏት።

 የፈቃድ ጥያቄዋ መልስ ሳያገኝ ቀረ።

ዛሬ ታዲያ አዲሱ ምክትል ቢሮዋ ድረስ መጣ።

«እኅቴ፣ ቅር እንዳይልሽ። ሥራ ነው።»

«ሥራ ነው» አለች። «ወረቀቷን ለአለቃ እንደምታሳይ አስቀድመህ ብትነግረኝ እኮ ራሴ አሳምሬ እጽፍልህ ነበር።»

ጨዋታዋን እንዳልሰማ አለፈው። «አራቱ መኪኖች ከሰዓት ይውጡ ተብሏል። ልጆቹ ቁልፍ አንሰጥም ብለዋል፤ አንቺን ነው የሚሰሙት። እስቲ ለስለስ አድርገሽ ጻፊላቸው።»

ለካ የፈለገው አፏን ነው። ጓደኝነቷን ሽጦ ሲያበቃ፣ ልጆቹ የሚያምኑትን አነጋገሯን ሊዋስ መጣ።

«ይቺን ራስህ ጻፍ» አለችው። «ሳይመረመሩ ይውጡ በል፣ ስምህን ከሥር አስፍር፣ ፈርም።»

«መጻፍ ምን ያስፈልጋል? በቃል ይበቃል።»

«የእኔ ትእዛዝ በጽሑፍ ነው የወጣው። በጽሑፍ እስኪሻር ይሠራል።»

እስክሪብቶ ዘረጋችለት። አየው እንጂ አልተቀበላትም።

ሹፌሮቹ የከሰዓቱን ቁልፍ ሊወስዱ ሩብ ሰዓት ቀርቷል። ምንም የተፈረመ ወረቀት እንዳልመጣ ለልጆቹ ልትነግራቸው፣ እሱን እዚያው አቁማ ደረጃውን ሁለት ሁለቱን እየዘለለች ወረደች።