ወለተ ኪዳን የተባለው ፎልደር

የሻለም ከመካነ ሰላም መናኸሪያ ማዶ ካለችው ቪዲዮ ቤት በተቀጠረች በመጀመሪያው ሳምንት ያገኘችው ፋይል «ሰርግ የመጨረሻ የመጨረሻ አሁን እውነት» ይባል ነበር። ሳቀች፤ ከዚያ ደነገጠች፤ ከጎኑ «የመጨረሻ አዲሱ» የሚባል ተቀምጧልና። ዝርክርክ ነገር ካየች ምግብ የማይወርድላት ሴት ናት፤ ስድስት ዓመት ሙሉ ያንን ቤት ሥርዓት ስታስይዝ ኖረች። በሁለቱ ሃርድ ዲስኮች ላይ «ሀ» እና «ለ» ብላ በፕላስተር ለጠፈች። «የመጨረሻ» የሚለውን ቃል ከለከለች፤ እያንዳንዱ እርማት 01፣ 02፣ 03 እየተባለ ይቀጥላል። የተቀረጸው ሀ ላይም ለ ላይም ሳይገባ የካሜራው ሚሞሪ ፎርማት ተደርጎ አይጸዳም።

አንድ ነገር ብቻ አላስከበረችም። የፎልደር ስም ቀንና ቦታ ይኑረው ስትል፣ ካሜራ የሚይዘው ቢያድግልኝ እሺ ይልና የራሱን ያደርጋል። ቢያድግልኝ ዲያቆን ነው። ትልቅ ሰው በስም መጥራት ነውር እየሆነበት የእናቶችን ፎልደር በክርስትና ስማቸው ይጽፋል። ደግ ሰው መቆጣት አይሆንላትምና ተወችው።

ሰብሌ ጅዳ ሰው ቤት መሥራት ከጀመረች አሥራ አንድ ዓመት ሆኗታል። እናቷ እማማ ወርቄ የሚኖሩበት የከላላ ገጠር ኔትወርክ አይደርስም። ስለዚህ ጥር ላይ ቪዲዮ ቤቱ ሄዶ እናቷ ሲመርቋት እንዲቀርጽላት አዘዘች። ቢያድግልኝ በበቅሎ ሄደ። እማማ ወርቄ አርባ ደቂቃ መረቁ፤ ልጃቸውን በስሟ እየጠሩ፣ እየሳሉ፣ ዝም እያሉ፣ እንደገና እየጀመሩ። የሻለም ማቀናበር ጀመረች፤ ለሰብሌም አጭር ናሙና ላከች። ሳትጨርሰው አሮጊቷ አረፉ።

ሰብሌ ደወለች። በለቅሶ ድምፅዋ ተዘግቷል።

«የሻዬ፣ እንዳትቆርጪው። ስትስልም፣ ዝም ስትልም፣ ሁሉንም እንዳለ ላኪልኝ። ሌላ ምንም የለኝም።»

«አብሽሪ እህቴ፣ ሁለት ቦታ ነው የተቀመጠው» አለቻት የሻለም።

ይህን ስትል ነገሩ ካለቀ አራት ቀን ሆኖት ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። የሻለም ደሴ በሄደችበት ሳምንት ቢያድግልኝ ማሻ ወደሚባል ቦታ ወርዶ ተዝካር ቀርጾ ተመለሰ። የማሻዋ ሟች የክርስትና ስምም ወለተ ኪዳን ነው፤ ፎልደሩንም እንደዚያው ብሎ ሰየመው። የእማማ ወርቄም ፎልደር ወለተ ኪዳን ነበር። ካሜራው ደግሞ ሚሞሪው ፎርማት በተደረገ ቁጥር ፋይሎቹን ከአንድ ጀምሮ ይቆጥራል። ሀ ላይ ሲገለብጥ ኮምፒውተሩ «በዚህ ስም ያሉ ፋይሎች አሉ፤ ልተካቸው?» ብሎ ጠየቀ። እዚህ አገር መብራት ኮፒ መሃል ላይ ይሄዳል፤ ሲመለስ ከመጀመሪያው እንደገና እየገለበጡ «ተካ» ማለት የሁሉም ልማድ ነው። ያን ቀን መብራት ሁለት ጊዜ ሄዷል። ቢያድግልኝ የራሱ ግማሽ ኮፒ መሰለውና «ሁሉንም ተካ» አለ። የማሻው ፋይል በቁጥር ይበልጥ ስለነበር ከእማማ ወርቄ አንድም አልተረፈም።

ሥራ ሲዘጋ ፕሮግራሙ እንደወትሮው ሀ ላይ ያለውን ለ ላይ ገልብጦ ሁለቱን አንድ አደረገ፤ ለ ላይ የነበረውም በዚያው ጠፋ። የተተካውን አሮጌ ፋይል ለወር የሚያቆይበት ምርጫ ነበረው፤ ዲስኩ በሞላ ጊዜ ያጠፋችው ራሷ የሻለም ናት።

ስልኩን ዘግታ ፕሮጀክቱን ከፈተች። ስሙም ቦታውም ልክ ስለሆነ ፋይል ጠፋ የሚል ምልክት አልመጣም። የቆረጠችበት ሁሉ በቦታው ነው። እማማ ወርቄ እጃቸውን ወደ ሰማይ በሚያነሱበት ቦታ ላይ ግን የማሻ ሰዎች ድንኳን ውስጥ ተደርድረው ጠላ ይጠጣሉ። 04ን ዘግታ 03ን ከፈተች፤ ከዚያ 02ን፤ ከዚያ 01ን። የፕሮጀክት ፋይል ምስሉን አይዝም፤ ምስሉ የት እንደተቀመጠ ብቻ ነው የሚይዘው። አራቱም እዚያው ድንኳን ውስጥ አስገቧት። ቢያድግልኝን ጠርታ አሳየችው።

«እኔ ነኝ፣ የሻ፣ እኔ ነኝ» አለ ቢያድግልኝ፣ ነጠላውን አፉ ላይ ይዞ።

ልትጮህበት ፈልጋ ነበር፤ ራሷም ላይ መጮህ ስለሚኖርባት ተወችው። ዲስኮቹን ደሴ ላለ፣ የጠፋ ፋይል ለሚመልስ ባለሙያ ላከች። ከተዝካሩ በኋላ ሦስት ሰርግ ገብቶባቸዋል፤ ባለሙያው ያወጣው ቁርጥራጭ አንዱም አልከፈት አለ። «የፈሰሰ ውሃ አይታፈስም» ብሎ መለሰላት። ያንን እሷም ታውቀዋለች።

በሁለተኛው ሳምንት ሰብሌ ደወለች። የሻለም ብዙ ቃል አዘጋጅታ ነበር።

«ጠፋ» ብቻ አለች።

ሰብሌ ቀስ ብላ ጀመረች።

«ያቺ በቴሌግራም የላክሽልኝ የአንድ ደቂቃ ናሙና ስልኬ ላይ አለች እኮ። ዘፈን ያደረግሽባት። የእማዬ አፍ ሲንቀሳቀስ ይታያል። ዘፈኑን አንሺና ከሥሩ ያለውን ስጪኝ።»

የሻለም ያንን ናሙና ስትሠራ፣ ዘፈኑ ጥርት ብሎ እንዲሰማ የእናትየውን ድምፅ ፈጽማ ዘግታው ነበር።

«ከሥሩ የለም» አለቻት።

«ትንሽም?»

«ትንሽም የለም፣ እህቴ።»