በሩን የጣልኩበት መስመር

መተማ ተወልጄ ስላደግሁ የገበያ ዐረብኛ አውቃለሁ። በደርግ ዘመን አዲስ አበባ በአንድ የፊልም ክፍል ስሠራ፣ ስለ ቆላው ጤና የተቀረጸ ፊልም የግርጌ ጽሑፉን እንድጽፍ የተሰጠኝ በዚሁ ምክንያት ነው። ያኔ ኮርቼ ነበር። ዛሬ አፍርበታለሁ።

ፊልሙ ላይ ከገለጉ ወንዝ ወዲያ የመጡ፣ ልጃቸው የሞተባቸው አባት በዐረብኛ ይናገራሉ። አማርኛ ይሰማሉ እንጂ አይናገሩም። ካሜራ ፊት የቆሙት ክሊኒኩ ዝግ እንደነበር ሰው እንዲያውቅላቸው ብቻ መሆኑን ፊልሙን ያነሳው ባልደረባዬ ነግሮኛል። የሚሉት ይህ ነው፦ «ልጄን ሁለት ቀን በትከሻዬ ተሸክሜ ክሊኒኩ ድረስ አመጣሁት፤ በሩ ግን ተዘግቶ ነበርና እዚያው ደጃፉ ላይ ሞተብኝ።»

ይህን በአምስት ሴኮንድ ይጨርሱታል። ምስሉ ሲቀየር ጽሑፉም አብሮ መጥፋት አለበት። ተመልካቹ ገና በመሠረተ ትምህርት ፊደል የቆጠረ ስለሆነ፣ ከሁለት መስመር፣ በመስመርም ክፍተቱ ተቆጥሮ ከዐሥራ አራት ፊደል እንዳናልፍ ታዘናል።

ፊልሙን ቆርጣ የምትቀጥለው ባልደረባዬ ረቂቄን አይታ «ወንድሜ፣ ማመልከቻ ነው እንዴ የጻፍከው?» ብላ ሳቀችብኝ። ትከሻውን ጣልኩ። ክሊኒኩን ጣልኩ። በሩ ግን አልገባ አለኝ፤ እኔም ሰልችቶኝ ነበር። በመጨረሻ እንዲህ አልኩ፦

ሁለት ቀን ተሸክሜ
አድርሼው ሞተብኝ

«አሁን ተነበበ!» አለችኝ። ጽሑፉ ፊልሙ ላይ ታተመ፤ ከአፍ ከወጣ አፋፍ ሆነ።

በሰሊጥ አጨዳ ወራት ፊልሙን ይዤ መተማ አጠገብ ወዳለችው ኮኪት ሄድኩ። አዳራሹ መስኮቱ በብርድ ልብስ ተሸፍኖ ይወብቃል። ታዳሚው አብዛኛው ከደጋ የወረደ፣ ዐረብኛ የማይሰማ አጫጅ ነው። ማንበብ ለማይችሉት፣ እንደ ልማዱ፣ አንድ መምህር ቆሞ ጽሑፉን ጮክ ብሎ ያነብላቸዋል። አባትየውም ለአጨዳ መጥተው ኖሮ አጠገቤ ተቀምጠዋል። ቃላቸውን ወደ አማርኛ የመለስኩት እኔ መሆኔን ስነግራቸው መርቀውኝ ነበር።

መምህሩ መስመሬን አነበበ። ከኋላችን አንድ አጫጅ ከንፈሩን መጠጠና፣ «አይ ሽማግሌ! ሳይብስበት ቢያመጡት ምን ነበረበት?» አለ። ሌሎቹም «እውነት ነው፣ አዘግይተውት ነው» ተባባሉ።

አባትየው ወደ እኔ ዞሩ።

«በሩስ?» አሉኝ በዐረብኛ።

«ቦታው አልበቃ ብሎኝ ነው፣ አባቴ።»

«ለሁለቱ ቀን በቃ?»

ፊልሙ ሳያልቅ ተነሥተው ወጡ፤ ተከትዬ ለመውጣት ወኔ አጣሁ። በሩን መንግሥትን ፈርቼ የጣልኩት ቢሆን ኖሮ እንኳ ይሻለኝ ነበር።

በማግስቱ ወደ መተማ በሚመልሰኝ ጭነት መኪና ላይ፣ ጆንያ ተደግፌ መስመሩን እንደገና ሠራሁት፦

ተሸክሜው መጣሁ
በሩ ዝግ ነበር፣ ሞተ

የታችኛውን በጣቴ ቆጠርኩ። ዐሥራ ሦስት ነው። ደግሜ ቆጠርኩ። ቦታው ይበቃ ነበር።