ለአያቴ የገዛሁት ተናጋሪ ሰዓት

ለማያይ ሰው ስጦታ ስንገዛ፣ የኛ ቤት ሰው ሁሉ የሚገዛው ለራሱ ዓይን ነው። አጎቴ ለአያቴ ከአዲስ አበባ ግድግዳ የሚሞላ ቴሌቪዥን አመጣላቸው። እኔም ከሱ አልሻልም። አንድ ዓመት ለገና ጥለቱ ልብ የሚሰርቅ ነጠላ ገዝቼ፣ ወልድያ ያለችውን ሱቄን ዘግቼ መርሳ ድረስ ወስጄ አለበስኳቸው። አያቴ ጥለቱን በጣታቸው ዳበስ ዳበስ አደረጉና «ማማሩን ጎረቤት ጠይቄ እነግርሻለሁ» አሉኝ። ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ ግን ተናደድኩ፣ እውነታቸውን ስለነበር።

ዓይናቸውን የወሰደባቸው የዓይን ግፊት ነው። ሐኪሞቹ የጠፋው እንደማይመለስ ቁርጡን ነግረውናል። ብርሃንና ጨለማ ይለያሉ፣ ከዚያ ውጭ ያለውን ሁሉ በጆሯቸውና በእጃቸው ይኖሩታል። ምንም አልጎደለኝም ባይ ናቸው። ቀኑን ሙሉ የሚጠይቁት አንድ ነገር ብቻ ነው፤ «ስንት ሰዓት ሆነ?»

ጥያቄው ለወሬ አይደለም። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት እህል አይቀምሱም። አብራቸው የምትኖረው አክስቴ ደግሞ በዚህ ነገር እንቅልፍ የላትም፤ አያቴ የደም ግፊት መድኃኒት ይወስዳሉ፣ አንድ ጊዜም በጾም ጓሮ ውስጥ ወድቀው ተገኝተዋል። የንስሐ አባታቸው እንደ አቅምዎ ይሁን ብለዋቸዋል። እሳቸው አቅሜ ዘጠኝ ነው አሉ።

የነነዌ ጾም መጀመሪያ ቀን አክስቴ ጨከነች። ስድስት ሰዓት ላይ ምግብ አቀረበችና «ዘጠኝ ሆኗል፣ እምዬ፣ ይብሉ» አለቻቸው። አመኗት፣ በሉ። እጃቸውን ታጥበው ገና ሳይጨርሱ የመስጊዱ አዛን ተሰማ። በኛ አገር ክርስቲያኑም ቀኑን በአዛን ይከፍለዋል፤ የቀትሩ ከስድስት ተኩል አለፍ ሲል ነው፣ የከሰዓቱ ከዘጠኝ በኋላ።

«ይሄ የትኛው ነው?» አሉ አያቴ።

«የከሰዓቱ ነዋ!» አለች አክስቴ።

አያቴ ቁጭ ብለው ጠበቁ። ጊዜው ሲደርስ እውነተኛው የከሰዓት አዛን መጣ።

«ዛሬ ሼኮቹ ሁለት ጊዜ ከሰዓት አደረጉ?» አሉ። ቀጥለውም «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል» ብለው ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዞሩ።

በማግስቱ ከማንም እጅ አልበላም አሉ። መብራት ጠፍቶ የመስጊዱ ድምፅ ማጉያ ዝም ስላለ፣ የሚያምኑት ነገር አጥተው ቤቱ ውስጥ የቀኑ ብርሃን እስኪጠፋ ድረስ እህል ሳይቀምሱ ዋሉ። በሦስተኛው ቀን አክስቴ እያለቀሰች ደወለችልኝ። «ከእንግዲህ ዘጠኝ ነው ብላቸው አያምኑኝም። ሁዳዴ ደግሞ ደርሷል፤ እንዲህ ከቀጠሉ ይሞቱብኛል» አለችኝ።

ነገሩ ያን ጊዜ ገባኝ። አያቴ የሚያስፈልጋቸው ከሰው አፍ ያልወጣ ሰዓት ነው።

ወልድያ ውስጥ የኤሌክትሮኒክስ ሱቆችን አንድ በአንድ ጠየቅሁ። በመጨረሻ አንዱ ነጋዴ ከመደርደሪያው ጥግ ሁለት የሚናገሩ ሰዓቶች አወረደልኝ። አንዱ አረብኛ፣ አንዱ እንግሊዝኛ ይናገራል፤ አማርኛ የሚናገር የለውም። እንግሊዝኛውን መረጥኩ። መዳፍ የሚሞላ ነው፣ አናቱ ላይ ያለውን አንድ ትልቅ ቁልፍ ሲጫኑት ጮክ ብሎ ሰዓቱን ይናገራል። ለመቀስቀሻ ደግሞ እንደ አውራ ዶሮ ይጮኻል። ነጋዴው ባትሪውን አስገባ፣ የእጅ ስልኩን አየት አድርጎ ሰዓቱን ሞላልኝና በጨርቅ ጠቅልሎ ሰጠኝ።

ለቅበላ መርሳ ወረድኩ። እሑድ ጠዋት ከቤተ ክርስቲያን ስንመለስ አያቴን አስቀምጬ ማስተማር ጀመርኩ። አሥራ ሁለት ቃል ብቻ ነው አልኳቸው። ዋን አንድ፣ ቱ ሁለት። ከሁሉም ግን አንዷን እንዲይዙልኝ አጥብቄ ነገርኳቸው፤ ናይን ማለት ዘጠኝ ነው። «ናይን» አሉ፣ «ናይን» አሉ፣ እንደ ውዳሴ ማርያም ደጋገሙት። ከዚያ በኩራት ጣታቸውን ቁልፉ ላይ አስቀመጥኩላቸው። ተጫኑት።

«ናይን ኦክሎክ!» አለ ሰዓቱ።

አያቴ እጃቸውን እንደ ተቃጠለ ሰው ሰበሰቡ። ውጭው ገና የጠዋት ፀሐይ ነው፣ ከቅዳሴ ከተመለስን አፍታም አልሆነን።

«በዚህ ማለዳ ዘጠኝ?» አሉ። «አንቺ፣ ይሄም ያክስትሽ ወገን ነው! ገና ከመምጣቱ አስጠናችው?»

አክስቴ ከጓዳ «ኧረ በማርያም፣ እኔ አልነካሁትም!» እያለች ወጣች። እኔ ሰዓቱን ገልብጬ አየሁት፣ ቁልፎቹን ነካካሁ፣ ነጋዴውን በልቤ ረገምኩት። ቆይቶ ነው የበራልኝ። ነጋዴው የሞላው በፈረንጅ አቆጣጠር ነው፤ የኛ ሦስት ሰዓት ለሱ ዘጠኝ ነው። አያቴን ያስተማርኳቸው ደግሞ በሀገራችን አቆጣጠር። ስድስት ሰዓት ወደ ኋላ መለስኩትና ሰዓቱም መርሳ ገባ።

እሳቸው ግን አንዴ ተታለዋል። ቀትር እስኪደርስ ሰዓቱን ጉያቸው ውስጥ ይዘው ተቀመጡ። «ሲክስ» ሲል ጣታቸውን አጥፈው ያዙ፣ ከዚያ ጆሯቸውን ወደ በሩ ሰጡ። ብዙም ሳይቆይ አዛኑ ወጣ። እኔም ያን አዛን የሚያደርገውን ሰው፣ መልኩን እንኳ የማላውቀውን፣ እድሜ ይስጥህ አልኩት።

«አሁን ተስማሙ» አሉ አያቴ። ቀጥለው ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ሰው ሊያዞረው ይችላል?» ሲሉ ጠየቁኝ።

መዋሸት አልፈለግሁም። «ይቻላል፣ እምዬ። ግን ሲያዞሩት እያንዳንዱን ቁጥር ጮክ ብሎ ይናገራል።»

«እየጮኸ ነው የሚሰረቅ በይኛ!» ብለው ሳቁ። ከነነዌ ወዲህ ሲስቁ የሰማናቸው ያን ጊዜ ነው። አክስቴም አብራ ሳቀች፣ ዓይኗ ግን እንባ ሞልቶት ነበር።

ሁዳዴው ሲጋመስ ዕቃ ላደርስ መርሳ ወርጄ ብቅ አልኩ። ፍርሃቴን አልደብቅም፤ ሰዓቱን አምጥቼ አያቴን ዘጠኝ ላይ ቸንክሬያቸው እንዳልሆን እየሰጋሁ ነው የገባሁት። ጠውለግ ብለው መደቡ ላይ ጋደም ብለዋል። ሰላምታ ተለዋውጠን ሳንጨርስ እጃቸውን ወደ ሰዓቱ ሰደዱ።

«ሲክስ ኦክሎክ!» አለ።

አያቴ ቀና አሉና አክስቴን ጠሯት። «ምሳዬን አምጪልኝ።»

አክስቴ በሩ ላይ ደርቃ ቀረች። ከዚያ ከነነዌ በኋላ አንዲት ደቂቃ እንኳ ልትዋሽ አትደፍርም። «እምዬ» አለች በፍርሃት፣ «ገና ስድስት ነው።»

«ሰምቻለሁ። ዛሬ አቅም የለኝም፣ እበላለሁ። አባም ፈቅደውልኛል።»

አክስቴ ሽሮውን ይዛ መጣች፣ አጠገባቸው ተንበርክካ እንጀራውን ቆረሰችላቸው። እኔ እንባዬ መጣ፣ ምን ብዬ እንደማመሰግን እንኳ አላወቅሁም፤ እግዚአብሔርን፣ አክስቴን፣ ሁሉንም። አያቴ ቀስ ብለው ሁለት ሦስት ጉርሻ በሉ። ከዚያ በእጃቸው የአክስቴን ፊት ፈልገው አገኙና ጉንጯን ዳበሱት።

«ያን ቀንም ስድስት ነው ብትይኝ» አሏት፣ «እበላልሽ ነበር እኮ።»