ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ቀኝ

እሷና እኔ ቦንጋ ውስጥ በአንድ የመንግሥት መሥሪያ ቤት፣ በአንድ ክፍል አሥራ ስድስት ዓመት በጸሐፊነት ሠርተናል። የጀመርነው በጽሕፈት መኪና ነው። እሷ ከእኔ ትፈጥን ነበር። ኃላፊው አስቸኳይ ደብዳቤ ሲኖረው በእኔ ጠረጴዛ በኩል አልፎ ወደ እሷ ይሄዳል። ይህን ለዓመታት አይቻለሁ።

ግራኝ ነበረች። ልጅ ሳለች እናቷ ግራ እጇን በጨርቅ እያሰሩ አሳድገዋታል። ስለዚህ መብላት፣ ሰላምታና ከሰው ዕቃ መቀበል በቀኝ ሆነ። ሌላው ሁሉ በግራ ቀረ። በአሥራ ስድስት ዓመት ውስጥ አንዲት ወረቀት በግራ እጇ ስትቀበለኝ አላየሁም።

ኮምፒውተር ሲመጣ ኢንተርኔት ያለው አንድ ብቻ ስለነበረ በየተራ እንሠራበት ነበር። እሷ ማውሱን ከኪቦርዱ በስተግራ ታደርገዋለች። ማውስ በግራ እጅ ሲያዝ አመልካች ጣት የሚያርፈው በቀኙ ቁልፍ ላይ ነው። የግራውን ቁልፍ በመሐል ጣቷ መጫን ለመደች። አመልካች ጣቷ ግን ቀኙን አይለቅም። የጽሕፈት መኪና ያሳደገው ጣት ነው፤ ካልተጫነ የሠራ አይመስለውም። ቀኙን እንደተጫነች ማውሱን ትጎትታለች፤ ጣቷን ስታነሳ የቀኙ ቁልፍ የሚያወጣት ትንሽ የትእዛዝ ዝርዝር ብቅ ትላለች፤ ባዶ ቦታ ነክታ ታጠፋታለች፤ ሥራዋን ትቀጥላለች።

የኮምፒውተር ባለሙያው ወጣት ነበር። አንድ ቀን አያትና፣ «እትዬ፣ ቁልፎቹን ላቀያይርልዎት? ቀኙ እንደ ግራ እንዲሠራ?» አላት።

«እኔስ በምን ልሠራ ነው?» አልኩት።

እሷ ሳቀች። «ተወው ልጄ፣ ለምጄዋለሁ» አለችው።

በኋላ ኢንተርኔት የምንከፍትበት ሌላ ብሮውዘር ጫነልን፤ ለእኛ ደካማ መስመር ይሻላል ብሎ። በመጀመሪያው ቀን እሷ ገና ማውሱን ስታንቀሳቅስ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ጥያቄ መጣባት። ባለሙያውን ጠራችው። ከበሩ ላይ ሆኖ አየና፣ «ኖ የሚለውን ይጫኑት፤ ለእርስዎ አይሆንም» አላት። ተጫነች። ምንነቱን አልጠየቀችም። ምሳ ሰዓት ደርሶ ነበር፤ እናቷ ዘንድ መሄድ ነበረባት። እናቷ ከአልጋ መነሳት ካቆሙ ቆይተዋል። በየቀኑ ምሳ ሰዓት ሄዳ ታገላብጣቸዋለች፣ ታጎርሳቸዋለች፣ ትመለሳለች።

እሷ ስትወጣ እኔ ጠየቅኩት።

«የማውስ ምልክት ይባላል» አለኝ። «ቀኙን ቁልፍ ተጭነው እንደያዙ ማውሱን ወደ ግራ ከጎተቱት ወደ ቀድሞው ገጽ ይመልስዎታል። ወደ ላይ ወስደው ወደ ታች ከመለሱት ገጹን እንደ አዲስ ያመጣዋል። ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ከሆነ ደግሞ ይዘጋዋል። እሳቸው ግን ሁልጊዜ ቀኙን እንደተጫኑ ነው የሚጎትቱት። ይሄ ከተከፈተባቸው አለቀላቸው።»

«የሚከፈተው በየት ነው?» አልኩት።

አሳየኝ። የማስተካከያው ገጽ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሳጥን አለች። ራይት ሲደረግባት ይከፈታል፣ ራይቱ ሲጠፋ ይዘጋል።

በዚያ ዓመት የመሥሪያ ቤቱ መዋቅር ተጠና። ለክፍላችን የተፈቀደው አንድ ጸሐፊ ብቻ ሆነ። ሌላዋ ሩቅ ወረዳ፣ ቢታ ገነት ትመደባለች ተባለ። ሁለታችንም እንድንፈተንና የበለጠችው ቦንጋ እንድትቀር ተወሰነ።

እሷ እናቷን በመኪና ይዛ መሄድ አትችልም። የጤና ጣቢያው ሰው እንኳን ከአልጋ ወደ ወንበር ሲያዛውራቸው ይጮኻሉ። ይህን ለኮሚቴው በደብዳቤ አመልክታ ነበር። ደብዳቤዋን ፋይል ያደረግኩት እኔ ነኝ። እኔ ብቻዬን እኖር ነበር፤ ለመቅረት የሚያበቃ ምክንያት አልነበረኝም። መሄድ አልፈለግኩም፤ ይኸው ነው።

ፈተናው ሁለት ክፍል ነበረው። አንደኛው ሲነገር እየሰሙ ደብዳቤ መጻፍ ነው። ሁለተኛው በኢንተርኔት ላይ ያለ አዲስ የሪፖርት ቅጽ ሞልቶ መላክ ነው። ቅጹን ቀደም ብዬ አይቼዋለሁ። የሚመረጡት ነገሮች የተዘረዘሩበት ዓምድ በስተግራ ነው። ርዕሱና መመሪያው ከላይ ነው። «ላክ» የሚለው ከታች፣ በስተቀኝ ጥግ ላይ ነው።

የፈተናው ጠዋት ቀድመን ገባን።

«ቁርስ በላሽ?» አለችኝ።

«አልበላሁም።»

«በባዶ ሆድ እንዴት ትፈተኛለሽ? ቆይ» ብላ ሻይና ቦምቦሊኖ ልታመጣልኝ ወጣች። ከሻይ ቤቱ እስክትመለስ ማስተካከያውን ከፈትኩና ሳጥኗ ላይ ራይት አደረግኩ። ባለሙያው የወረዳ ኮምፒውተር ሊጠግን ከሄደ ሁለት ቀኑ ነበር። ቦምቦሊኖው ትኩስ ነበር። በላሁት።

ከኮሚቴው ሦስት ሰዎች መጡ፤ ሁሉም ወንዶች። ደብዳቤውን ሁለታችንም ጻፍን። እሷ ቀደመችኝ፤ ስህተትም አልተገኘባትም። ሰብሳቢው «በርቱ እትዬ» አላት። ቅጹን ለመሙላት ግን የመጀመሪያው ተራ የእኔ ሆነ። ማውሱን በቀኝ እጄ፣ በግራው ቁልፍ ብቻ እየሠራሁ ሞልቼ ላክሁ። ተነሳሁላት።

ተቀመጠችና ማውሱን ወደ ግራ አዞረችው። ቅጹ እስኪመጣ ደቂቃዎች ወሰደ። ግማሹን ሞላች። ከዚያ ከላይ ያለውን መመሪያ ልታይ ማውሱን ወደ ላይ ወሰደችው፤ ወደ ታች መለሰችው። ገጹ ነጣ። እንደገና ሲመጣ የሞላችው ሁሉ የለም።

«መስመሩ ነው?» አለች።

«ሊሆን ይችላል» አለ ሰብሳቢው። «ይቀጥሉ።»

እንደገና ሞላች። ከዝርዝሩ ዓምድ አንድ ነገር ልትመርጥ እጇን ወደ ግራ ወሰደችው። ብሮውዘሩ ወደ መግቢያው ገጽ መለሳት። ከሦስቱ አንደኛው ሳቅ አለና፣ «ኮምፒውተሩ ግራና ቀኙን ያውቃል ማለት ነው» አለ።

ሌላው ቀጠለበት። «በግራ የተላከ ሪፖርት ክልል እንዴት ይቀበላል? ሰላም በቀኝ ነው፣ እትዬ።»

ሰብሳቢውም ሳቀ። እሷ አልሳቀችም። ወደ እኔ ዞራ፣ «ምን ነክቼ ነው?» አለችኝ።

«አትቸኩዪ» አልኳት። «እጅሽን አጽኚው።»

አጸናችው። የባሰ ተጫነችው።

ለሦስተኛ ጊዜ ጀመረች። አሁን እያንዳንዱን ሳጥን ከሞላች በኋላ እጇን ከማውሱ ታነሳለች፣ ቀሚሷ ላይ ትጠርገዋለች፣ መልሳ ታስቀምጣለች። ሁሉንም ሞላች። ሰብሳቢው ሰዓቱን አየ። የቀራት መላክ ብቻ ነበር። ማውሱን ከገጹ መሐል አንቀሳቀሰች። ወደ ታች ወረደች። ከዚያ ወደ ቀኝ፣ ወደ ጥግ፣ ወደ «ላክ»።

ገጹ ተዘጋ። ሌላ የተከፈተ ገጽ ስላልነበረ ባዶ ግራጫ መስኮት ብቻ ቀረ።

«አንድ ጊዜ ብቻ ልድገመው» አለች።

«ሰዓቱ አልቋል።»

«ጋሼ፣ ሞልቼዋለሁ እኮ። ሁላችሁም አይታችኋል።»

«የሚመዘነው የተላከው ነው፣ እትዬ» አለ ሰብሳቢው፤ ወረቀቱንም አጠፈ። ስለ ክልል የቀለደው ሰው ሲወጣ ከበሩ ላይ ሆኖ፣ «ለቢታ ገነት ግራም ይበቃል» አለ።

ውጤቱ በማግስቱ ተለጠፈ። ባለሙያው ከወረዳ የተመለሰው ከዚያ በኋላ ነው። ኮምፒውተሩ ላይ ተቀምጦ ሲሠራ ያቺ ሳጥን ራይት ተደርጎባት አየ።

«ይሄን ማን ከፈተው?»

«እኔ ነኝ። ልማርበት ብዬ።»

ረጅም ጊዜ አየኝ። ከዚያ ወደ ማስታወቂያ ሰሌዳው በኩል፣ ከዚያ ደግሞ ወደ እሷ ባዶ ወንበር አየ። «ላጥፋው?» አለኝ።

«ተወው» አልኩት።

ተወው። እሱም የሚኖረው በደመወዙ ነው።

እሷ ስትሄድ ማንኪራ ቀበሌ ከሚኖረው ወንድሟ የመጣ ማር በጣሳ ሰጠችኝ። እናቷን ጎረቤት ዘንድ አስቀመጠቻቸው። «አልፎ አልፎ ብቅ እያልሽ እይልኝ» አለችኝ። ሁለት ጊዜ ሄጃለሁ። በሁለተኛው ጊዜ እናቷ በካፋ ቋንቋ፣ በካፊኖኖ፣ ደጋግመው ጠየቁኝ። ጎረቤቲቱ፣ «ልጄ ምሳ ሰዓቷ አልደረሰም ወይ እያሉ ነው» ብላ አስረዳችኝ። ከዚያ በኋላ አልሄድኩም። ክረምቱ ሳይወጣ ሞቱ። መንገዱ በጭቃ ስለተዘጋ እሷ የደረሰችው ከቀብር በኋላ ነው።

እኔ ምልክቶቹን ለመድኳቸው። በእውነትም ጊዜ ይቆጥባሉ። ከገጽ ወደ ገጽ ስሄድ ቀስት ፍለጋ ወደ ላይ መውጣት ቀረ፤ እጄን ሳብ ማድረግ ብቻ ነው። አዲሱ ኃላፊ በስብሰባ ላይ ፈጣን ሠራተኛ ብሎ አመስግኖኛል።

በዓመቱ የወረዳዋን ሪፖርት ይዛ መጣች። ከል ለብሳ ነበር። ከጠረጴዛዬ ጎን ተቀመጠች። የመረከቢያ ደብዳቤ ልጽፍላት ጀመርኩ።

«እዚያ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ደህና ነው። በቀኜ መሥራት ተምሬያለሁ። ግራዬ በሽታ ሳይኖረው አይቀርም። ጸበል አስነካሁት፤ ሐኪምም አየው። ነርቭ ይሆናል አለኝ፤ ምንም አላገኘም። እጄን አላምነውም አሁን። ብርጭቆ እንኳን አልይዝበትም።»

ደብዳቤውን ጨርሼ በፕሪንተር አወጣሁት። ከዚያ ተከፍቶ የነበረውን ገጽ ዘጋሁት። እጄ ለምዷል፤ ሳላስበው ነው።

«አሁን ምን አደረግሽ?» አለችኝ።

«ዘጋሁት።»

«ጥጉ ላይ ያለውን ኤክስ ሳትነኪ?»

«አዎ።»

«እስቲ ድገሚው።»

አልደግምም ማለት እችል ነበር። ሌላ ገጽ ከፈትኩና ቀኙን ቁልፍ ተጭኜ ወደ ታች፣ ከዚያ ወደ ቀኝ ጎተትኩት። ተዘጋ።

ግራ እጇን ከነጠላዋ ውስጥ አወጣች። ማውስ የያዘች ያህል ጣቶቿን አጠፈች፤ አመልካች ጣቷ ወደ ታች ተጫነ። በጠረጴዛው ላይ ወደ ታች ሳበችው። ከዚያ ወደ ቀኝ። እዚያ አቆመችው።

«ላክ የሚለው እዚህ ነበር» አለች።

«አዎ።»

«ይሄ ነገር ያኔም ነበር?»

«ነበር።»

«ታውቂ ነበር?»

ማኅተሙን አንስቼ ደብዳቤው ላይ አሳረፍኩ።

«የዚያን ቀን ቦምቦሊኖውን በላሽው?» አለችኝ።

«በላሁት።»

ራሷን ነቀነቀች። ተነሳች። ማኅተም ያረፈበትን ደብዳቤ በሁለት እጄ ዘረጋሁላት። ቀኝ እጇ ባዶ ነበር። በግራዋ ተቀበለችኝና ወጣች።